«በቸልተኝነት» የምትለዋን ቃል ማን ጻፋት? ስለ ሥራ ቦታ ማጣራት ግልጽ ደብዳቤ

በሐዋሳ ከተማ ለምትገኙ የድርጅት ሥራ አስኪያጆች፣ የሰው ሀብት ኃላፊዎችና የአጣሪ ኮሚቴ አባላት፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ፒያሳ ሻይ እየጠጣን አንድ የማውቀው ወጣት ደብዳቤ አሳየኝ። የስንብት ደብዳቤ ነው። ፍሬ ነገሩ አንድ መስመር ናት፦ «በተደረገው ማጣራት ጥፋተኛ ሆነው ስለተገኙ…»። ማን እንዳጣራ፣ ምን እንደተጠየቀ፣ ምን እንደተገኘ አንድም ነገር የለም። «ምን አደረግክ ነው የሚሉህ?» ብዬ ብጠይቀው «እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አለኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን ሳቄ ቶሎ ተቋረጠ፤ እንዲህ ያለች መስመር በገዛ እጄ ጽፌ ስለማውቅ። ለብዙ ዓመት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ምግብ ቤትና የሰርግ አዳራሽ ያለው ድርጅት ነው እንበል። የዛሬው ደብዳቤዬ እዚያ ስላየሁት አንድ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ሁለቴ ተጣርቷል። መጀመሪያ እኛ አጣራነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ማጣራት የሚያውቅ ሰው አጣራው።

ነገሩ የዘይት ጉድለት ነው። አንድ እሑድ ማታ የንብረት ክፍል ኃላፊው ድንገተኛ ቆጠራ አደረገ። የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ ባለ 20 ሊትር ዘይት 31 ጄሪካን ይላል። መደርደሪያው ላይ ያለው 22 ነው። 9 ጄሪካን የለም። ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ለሥራ አስኪያጁ ጻፈ፦ «የስቶር ሠራተኛዋ 9 ጄሪካን ዘይት አጉድላለች»። ልብ በሉ። የታወቀው ነገር ዘይቱ መጉደሉ ብቻ ነበር። «አጉድላለች» ገና አልታወቀም። እኛ ግን ማጣራቱን የጀመርነው ከዚህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሰኞ ወደ ማታ ልጅቷን ጠራናት። ፈረቃዋን ጨርሳ ልትወጣ ስትል ነው። አምስት ሰዎች በአንድ ወገን ተደርድረን ተቀምጠናል። ከአምስቱ አንዱ ከሳሹ ራሱ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊው ነበር። ያን ቀን ማናችንም ነውር ነው አላልንም። እንዲያውም «ነገሩን የሚያውቀው እሱ ነው» ብለን መጀመሪያ እንዲጠይቅ ዕድሉን ሰጠነው። የመጀመሪያ ጥያቄው «ዘይቱን ለማን ነው የሸጥሽው?» የሚል ነበር።

እስኪ ይህን ጥያቄ መልሱ። «ለማንም» ብትሉ መካድ ይባላል። ዝም ብትሉ ማመን ይባላል። እሷ ዝም አለች፣ አንገቷን ደፋች። እኔም ጸሐፊ ነኝና «አንገቷን ደፍታ መልስ ለመስጠት ተቸግራለች» ብዬ በቃለ ጉባኤው አሰፈርኩት። 23 ዓመቷ ነው። በአባቷ ዕድሜ ካሉ አምስት ወንዶች ፊት ቀና ብላ ዓይን ለዓይን ብትመለከተን ኖሮ ደግሞ «በድፍረት» ብዬ መጻፌ አይቀርም ነበር። አንገት መድፋት እዚህ አገር የአስተዳደግ ምልክት ነው፤ የዘይት ጉድለት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ቀጥሎ ቅዳሜ ማታ ስንት ጄሪካን እንደነበረ ተጠየቀች። «አልቆጠርኩም። ከ12 ሰዓት በፊት ነው የወጣሁት» አለች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ አፏን የፈታችው በሲዳምኛ ነው። ያለችው ይህን ብቻ ነው። እኔ የጻፍኩት ግን እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ ዕለት በቸልተኝነት ቆጠራ ሳላደርግ ከሥራ ወጥቻለሁ»። አሳምሬ መጻፌ ነበር። የቢሮ አማርኛ ያደረግኩት መስሎኝ ነበር።

«በቸልተኝነት» የምትለዋ ቃል ክብደት የገባኝ ዘግይቶ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ምክንያቶችን ይዘረዝራል። በአሠሪው ንብረት ላይ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ጉዳት ማድረስ አንዱ ነው። ልጅቷ አልቆጠርኩም አለች። እኔ ለስንብት የሚሆነውን ቃል አፏ ውስጥ ከተትኩላት። በሦስተኛው ቀን የውሳኔ ሐሳባችን ተዘጋጀ፦ «በራሷ ቃል እንዳመነችው በፈጸመችው ከባድ ቸልተኝነት…»። «ከባድ» የምትለዋን ማን እንደጨመራት እስካሁን አላውቅም።

የዳናት አለመፈረሟ ነው። ሁለተኛውን ገጽ አልፈርምም አለች። መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበሩ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ተቃውሞ አስገባ። እሳቸው ጥቂት ቀን ካሰቡበት በኋላ ከሌላ ከተማ ቅርንጫፍ አንዲት የሒሳብ ሰው አስመጡ። ሴትየዋ ከኛ ማንንም አያውቁም፤ ለንብረት ክፍል ኃላፊውም አለቃ ወይም ምንዝር አይደሉም። የደረሱት ጉዳዩ በታወቀ በ10ኛው የሥራ ቀን ነው፣ ዓርብ። መጀመሪያ የጠየቁት ነገር አስገረመኝ፦ «ድርጅቱ ነገሩን ያወቀው በየትኛው ቀን ነው?» ቀኑን ፋይሉ ሽፋን ላይ ጻፉት። ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ካለፈ ይቀራል። 20 ቀን ቀርቶናል ማለት ነው። ለመሮጥም ለመንቀራፈፍም የማይመች ጊዜ ነው። እስከዚያች ቀን ከኛ ቢሮ ይህን የቆጠረ ሰው አልነበረም።

ቀጥለው አንድ ነጭ ወረቀት አወጡና የሚያጣሩትን በሦስት ጥያቄ ጻፉ። አንድ፦ በእርግጥ የጎደለው ስንት ነው? ሁለት፦ ካለፈው ቆጠራ እስከ እሑድ ድረስ ስቶሩን መክፈት የሚችለው ማን ነበር? ሦስት፦ ሠራተኛዋ ማድረግ ኖሮባት ያላደረገችው ነገር አለ ወይ? ከሦስቱ ውስጥ «ለማን ሸጠችው» የሚል የለም። ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ካለ ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ ይመጣል። ካልመጣ ደግሞ አልመጣም።

ማንንም ሳያነጋግሩ ወረቀቱን ሰበሰቡ። እኛም ዘንድ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ልማድ ሞዴል 19፣ ሞዴል 20፣ ሞዴል 22 ነው የሚባለው፤ የገቢው፣ የጥያቄውና የወጪው። ቢን ካርዱን፣ የጥበቃውን መዝገብና የቁልፍ መዝገቡን ጨምረው ሁሉንም ኮፒ አደረጉ፤ ዋናውን በፊርማ ተረከቡ። ከዚያ ካሜራውን ጠየቁ። የኛ ካሜራ የ15 ቀን ይይዛል፤ ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን እየሰረዘ በላዩ ይቀዳል። ያለፈው ቆጠራ የተደረገው ከእሑዱ 19 ቀን በፊት ነው። ሴትየዋ ሲደርሱ ከእነዚያ ቀናት የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። ሰኞ ዕለት እኛ ልጅቷን ከማስጨነቃችን በፊት ለአይቲው ልጅ «አስቀምጠው» ብንለው ኖሮ የሁለት ሳምንት ምስል በእጃችን ነበር። ሰው ነገ ተነገ ወዲያ ይጠየቃል። ካሜራ ግን አይጠብቅም። ይህ ጥፋታችን በኋላ ዋጋ አስከፍሎናል።

ለልጅቷ የተጻፈ ጥሪ ሰጧት፦ የምትጠየቀው ስለ 9 ጄሪካን ዘይት ጉድለት መሆኑን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከማኅበሩ ሰው ይዛ መምጣት እንደምትችል። ጊዜውም በሥራ ሰዓት ጠዋት ነው። ከሷ በፊት ከሳሹን፣ ወጥ ቤቱን፣ ጥበቃውንና የቅዳሜውን ተረኛ ኃላፊ ለየብቻ አነጋገሩ። እሷን መጨረሻ ያደረጉት ሌሎቹ ያሉትን አውቀው እያንዳንዱን ነገር መልስ እንድትሰጥበት ነው። መጨረሻ የሚጠየቅ ሰው ወጥመድ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ስለዚህ ገና ስትቀመጥ አስረዷት።

ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን፤ እሳቸው፣ እሷ፣ የማኅበሩ ሰውና ማስታወሻ የምይዘው እኔ። «በየትኛው ቋንቋ ይቀልሻል?» አሏት። ሲዳምኛ አለች። የማኅበሩ ሰው ደጋፊዋ ስለሆነ እሱ አያስተረጉምም ብለው ከሌላ ክፍል አንድ አስተርጓሚ አስጠሩ። ከዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ መጣ፦ «ከቅዳሜ ጠዋት ጀምረሽ ንገሪኝ። በሩን ከከፈትሽበት ሰዓት ጀምሪ።»

ከዚያ ዝም አሉ። አሥር ደቂቃ ያህል አላቋረጧትም። ስንት ሰዓት ገባች፣ ማን ምን ጠየቀ፣ መቼ ቁልፉን መለሰች። ከጨረሰች በኋላ ነው ወደ ዝርዝሩ የተመለሱት፦ «ጥዋት ለወጥ ቤት ሁለት ጄሪካን ሰጠሁ ብለሻል። በምን ወረቀት?» «አንቺ ከወጣሽ በኋላ ዕቃ ቢያስፈልግ ምን ይደረጋል?» እዚህ ጋ ልጅቷ ቀና አለችና «ሁለተኛው ቁልፍ አለ እኮ» አለች።

ሁለተኛው ቁልፍ! ካሸሩ ካዝና ውስጥ በታሸገ ኤንቨሎፕ ይቀመጣል። ከአምስታችን ቢያንስ ሦስታችን እናውቀዋለን። አልጠየቅንም፣ አልተነገረንም። የንብረት ክፍል ኃላፊውም ባቀረበው ክስ ላይ አልጠቀሰውም። ተንኮል ነው አልልም። የራሱ ክፍል ቁልፍ በሥርዓት አለመያዙን የሚያወራ ሰው ብዙ አይገኝም፤ ከሳሽ ዳኛ መሆን የሌለበትም ለዚህ ነው።

ሲጨርሱ ማስታወሻዬን ቃል በቃል አስነበቡኝ፣ አስተርጓሚውም ተረጎመላት። ሁለት ቦታ አረመች። እርማቱን ሰርዤ ልገለብጠው ስል «ተው፣ አትሰርዝ። የመጀመሪያውም ይታይ፤ እርማቱን አጠገቡ ጻፍና ትፈርምበት» አሉኝ። «አልቆጠርኩም» ያለችው እንዳለ «አልቆጠርኩም» ሆኖ ቀረ። አንድ ነገር ደግሞ ጠየቀች፦ «የነገርኩዎት ነገር ሌላ ሰው ይሰማዋል?» እሳቸው ሚስጥር ነው ብለው አልማሉላትም። «ለውሳኔ የሚያስፈልገው ሰው ያየዋል። ሌላው አያየውም» አሏት። የማይጠበቅ ቃል ከመግባት ይህ ይሻላል።

የቁልፍ መዝገቡ ሲታይ በ19ኙ ቀን ውስጥ ኤንቨሎፑ 4 ጊዜ ተከፍቷል። አንዱ ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡40 ነው፣ ተረኛ ኃላፊው ፈርሟል። ያን ማታ አዳራሹ ሰርግ ነበረው። ዋናው ወጥ ሠሪ የፈረመበት ሞዴል 20 ወጥ ቤት ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰክቶ ተገኘ፤ 6 ጄሪካን ይላል። ሞዴል 22 አልተቆረጠም፤ «ሰኞ እናስተካክላለን» ተባብለው ነበር። በካሜራው ላይ የዕቃ ጋሪው ሁለት ጊዜ ሲወጣ ይታያል፣ ሦስት ሦስት ጄሪካን ጭኖ። ከዚያ እሑድ ቆጠራው መጣ። 6ቱ ጄሪካን በሰርገኛው ሆድ ውስጥ ናቸው፣ ወረቀት ላይ ግን ስቶር ውስጥ ናቸው።

3ቱስ? አልተገኙም። የኤንቨሎፑ ሁለት መከፈቶች ስም የሌለው ጭረት ብቻ አላቸው። የእነዚያ ቀናት ካሜራ ተሰርዟል። ሴትየዋ ሁለት ቀን ሙሉ ለፉባቸውና ተዉት። እኔ በበኩሌ «ታዲያ እሷ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?» ብያቸው ነበር። «አንተ ንገረኛ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በ7 የሥራ ቀን ሪፖርታቸው አለቀ፣ አምስት ገጽ። መጀመሪያ ክሱ በከሳሹ ቃል እንዳለ ተገልብጧል። ቀጥሎ ማን መቼ እንደተጠየቀና የትኛው ሰነድ እንደታየ አለ። ከዚያ ሦስቱ ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ሁለተኛው መልስ እንዲህ ነበር፣ እስካሁን በቃሌ እይዘዋለሁ፦

«ስቶሩ በሁለት ቁልፍ ይከፈታል። ሠራተኛዋ በሌለችበት 4 ጊዜ መከፈቱ በመዝገብ ተረጋግጧል። ከ9ኙ ጄሪካን 6ቱ ቅዳሜ ማታ ለወጥ ቤት መውጣታቸው በሞዴል 20፣ በካሜራና በሁለት ሰዎች ቃል ተረጋግጧል። ተረኛ ኃላፊው በመጀመሪያ 4 ነው ቢልም ሰነዱና ምስሉ 6 ስለሚያሳዩ በእነሱ ተመርቻለሁ። ቀሪዎቹ 3 በማን እንደወጡ ለማወቅ የሚያስችል ማስረጃ አላገኘሁም፤ የ16 ቀን የካሜራ ምስል መሰረዙ አንዱ ምክንያት ነው። ሠራተኛዋ ወስዳለች የሚለው አልተረጋገጠም።»

«ንጹሕ ናት» እንደማይል አስተውሉ። «ጥፋተኛ ናት»ም አይልም። አልተረጋገጠም ይላል። በዚህ ሥራ ጥያቄው ከሁለት ወሬ የትኛው ሚዛን ይደፋል ነው፤ እንደ ወንጀል ችሎት ምክንያታዊ ጥርጣሬ እስኪጠፋ አይጠበቅም። ግን ሚዛኑ ላይ የሚቀመጥ ነገር ያስፈልጋል። ጥርጣሬ ብቻውን ምንም አይመዝንም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲሄድ ደግሞ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደነበረው የሚያስረዳው አሠሪው ነው። የኛን የመጀመሪያ ቃለ ጉባኤ ይዞ ዳኛ ፊት የሚቆመውን ጠበቃ ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል።

ሦስተኛው መልስ ለልጅቷም አልሳቀላትም። ቢን ካርድ ዕቃ በወጣ ቁጥር ወዲያው መሞላት አለበት። እሷ ሳምንት አጠራቅማ ነበር የምትሞላው። ይህ ተረጋገጠ፤ ራሷም አልካደችም። ሪፖርቱ ግን እዚያ ላይ ቆመ። ምን ትቀጣ የሚል ነገር የለውም። «እኔ ያገኘሁትን እጽፋለሁ። ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው» አሉ ሴትየዋ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ለልጅቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ለተረኛ ኃላፊውም ሰጡ። ኤንቨሎፑን የሚከፍት ሰው ሙሉ ስሙን እንዲጽፍ ታዘዘ።

ይህ ሁሉ ወረቀት ያለው ጉዳይ ስለሆነ ቀሏል ብትሉኝ፣ አዎ ቀሏል። የትንኮሳ አቤቱታ ሲሆን ሞዴል 22 የለም። ሁለት ሰው ብቻ የነበሩበት ክፍል ነው። ያኔ የሚመዘነው የዚያን ዕለት ለጓደኛ የተላከ መልእክት፣ የፈረቃ ዝርዝሩ፣ አንዱ የተናገረው ዝርዝር ከሌላ ነገር ጋር መግጠም አለመግጠሙ ነው። አመልካቿን ከተከሳሹ ፊት ማስቀመጥና «በይ ፊት ለፊት ተናገሪ» ማለት ደግሞ ማጣራት አይደለም። ይህ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ጥቂት ነው። ክስ ያቀረበው ሰው አጣሪ ሆኖ አይቀመጥ። ጉዳዩ በታወቀ ቀን ካሜራና መዝገብ ይያዝ። የሰው ቃል በራሱ አፍ ይጻፍ፣ ይነበብለት፣ ኮፒው ይሰጠው። ያ የሻይ ቤቱ ወጣት ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያለው ጊዜ 3 ወር ነው። የተከሰሰበትን ነገር ለማወቅ ብቻ አንዱን ጨርሶታል። ድርጅቱ ስሙን የማልጠራው ነው፤ ይህን ካነበባችሁ ግን ራሳችሁን ታውቁታላችሁ። የማጣራት ሪፖርት ካላችሁ ስጡት። ከሌላችሁም የለንም በሉት።

ልጅቷ ሥራ ላይ ናት። ከጥቂት ወር በኋላ አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ አጋጠመችኝና ያን ቀን ስለጻፍኩት ይቅርታ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበች። «ጋሼ፣» አለችኝ፣ «እኔ ያልፈረምኩት ተንኮል ጠርጥሬ አይደለም። ቸልተኝነት የምትለዋ ቃል አልገባችኝም ነበር። ያልገባኝን አልፈርምም ብዬ ነው።»

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ
ሐዋሳ